ስፕሊትም ባይባክም በራሱ ሀብት አይጨምርም፦ ሒሳቡን የምሠራው እንዲህ ነው

ስቶክ ስፕሊት፣ ማለትም አንዱን አክሲዮን ለብዙ ትናንሽ አክሲዮኖች መክፈል፣ ጊዜ አይፈጅብኝም። አፕል በኦገስት 2020 አንዱን አክሲዮን አራት ሊያደርግ ሲል፣ የመጨረሻው የገበያ ቀን መዝጊያ ዋጋ 499.23 ዶላር ነበር። 10 አክሲዮን የያዘ ሰው 4,992.30 ዶላር አለው ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት 40 አክሲዮን ኖረው፤ በስፕሊቱ የተስተካከለው የእያንዳንዱ ዋጋ ግን ወደ 124.81 ዶላር ወረደ። ድምሩ ያው ነው። በዚያው ቀን ዋጋው 129.04 ላይ መዝጋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ያመጣው የገዢዎች ፍላጎት ነው እንጂ ኩባንያው በስፕሊቱ ምክንያት አንድ ስልክ እንኳ አልሸጠም።

እዚህ ላይ የሚሠራ ነገር ቢኖር የግዢ ዋጋን ማስተካከል ነው። በ200 ዶላር የገዛችሁት አክሲዮን ለአራት ሲከፈል የግዢ ዋጋው 50 ይሆናል። መዝገቡ ላይ ሦስቱ አዲስ አክሲዮኖች በዜሮ የተገዙ መስለው ከተቀመጡ፣ ስትሸጡ ላላገኛችሁት ትርፍ ግብር ትከፍላላችሁ። አንዳንድ የስልክ መተግበሪያም የአክሲዮኑን ቁጥር ሳያስተካክል አዲሱን ዋጋ ብቻ ያሳይና 75 በመቶ የከሰራችሁ ያስመስላል። ሳትደነግጡ ቁጥሩ እስኪስተካከል ጠብቁ።

የሚያናድደኝ ባይባክ፣ ማለትም ኩባንያ የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ መግዛቱ ነው። ኩባንያዎች «ለባለአክሲዮኖቻችን ገንዘብ መለስን» ይላሉ። ገንዘቡን የወሰደው ግን ሸጦ የወጣው ነው።

አንድ ኩባንያ እንውሰድ። 100 አክሲዮን አለው፤ ሥራው 800 ዶላር ያወጣል፤ ካዝናው ውስጥ ደግሞ 200 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ተቀምጧል። ጠቅላላው 1,000፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 10 ዶላር ነው። በ200ው ዶላር 20 አክሲዮን በ10 በ10 ገዝቶ ሰረዘ። የቀረው 800 ዶላር ለ80 አክሲዮን ሲካፈል አሁንም 10 ነው። 8 አክሲዮን የያዘው ሰው ድርሻው ከ8 ወደ 10 በመቶ አደገ፤ ግን የአነስተኛ ኩባንያ 10 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ያው 80 ዶላሩን ይዟል።

አሁን ትርፉን እንይ። ዓመታዊው ትርፍ 40 ዶላር ቢሆንና ጥሬ ገንዘቡ ወለድ ባያስገኝ፣ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከ40 ሳንቲም ወደ 50 ሳንቲም ይዘላል። 25 በመቶ «እድገት»! የኩባንያው ትርፍ ግን ያው 40 ነው። ዋጋው የማይከተለው፣ በ10 ዶላሩ ውስጥ 2 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ስለነበረና አሁን ስለሌለ ነው።

ሚዛኑን የሚለውጠው የተገዛበት ዋጋ ነው። 10 የሚያወጣውን አክሲዮን በ20 ቢገዛ፣ በ200 ዶላር 10 ብቻ ያገኛል፤ 800 ለ90 ሲካፈል የቀሪዎቹ ድርሻ ወደ 8.89 ይወርዳል። በ5 ቢገዛ ደግሞ 40 አክሲዮን ይሰርዛል፤ የቀሪዎቹ 13.33 ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ ገንዘቡ በሚሸጠውና በሚቆየው መካከል ተዘዋወረ እንጂ አዲስ ሀብት አልተፈጠረም። ባይባክ ለባለአክሲዮኖች ትርፍ ከማከፋፈል የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፦ ያልሸጠ ሰው ዛሬ ግብር አይከፍልም።

ስለዚህ ዜናው ላይ የሚወጣውን የአንድ አክሲዮን ትርፍ፣ ማለትም EPS የሚለውን መስመር፣ ለብቻው አላየውም። የአፕልን የ2022 እና የ2023 የበጀት ዓመት ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተጣራ ትርፉ ከ99.8 ወደ 97 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ፤ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ግን ከ6.11 ወደ 6.13 ወጣ። አካፋዩ፣ ማለትም የአክሲዮኖቹ ቁጥር፣ በ3 በመቶ ያህል ስላነሰ ነው።

ቀጥሎ 10-K የተባለው ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ገብቼ የአክሲዮኖቹን ቁጥር የሚያሳየውን ሰንጠረዥ እፈልጋለሁ። አፕል በ2023 ወደ 471 ሚሊዮን አክሲዮን ገዛ። በዚያው ዓመት እንደ ክፍያ ለሠራተኞች የወጣው አዲስ አክሲዮን፣ ለግብር ከተያዘው ውጭ፣ 78 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ በተጨባጭ የቀነሰው በ393 ሚሊዮን ነው፤ ከተገዛው አንድ ስድስተኛው የሠራተኛውን ድርሻ ከመተካት አላለፈም። ይህ የደመወዝ ወጪ ነው፤ አፕል ግን ግዙፍ ገዢ ስለሆነ ይሸፍነዋል። ብዙ የሚገዙ፣ ብዙም ለሠራተኛ የሚሰጡ ኩባንያዎች ላይ ቁጥሩ ምንም ሳይቀንስ ቢሊዮኖች ሲወጡ ታያላችሁ።

የሚታወጀውን ገንዘብም አልቆጥረውም። አፕል በሜይ 2024 የ110 ቢሊዮን ዶላር ግዢ ፈቀደ ሲባል ገና የተፈቀደ እንጂ የተገዛ አልነበረም። እኔ የማምነው የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ የወጣውን ብቻ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ ገንዘብ ለኩባንያው ያስፈልገው ነበር? ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ የተባለው የቤት ዕቃ ነጋዴ ለዓመታት በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለራሱ አክሲዮን አወጣ። በኤፕሪል 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ አክሲዮኖቹም በዚያው ዓመት ተሰርዘው፣ ሳይሸጡ የቆዩት ባለቤቶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።