ቅናት ነው ወይስ ቁጥጥር? እኔ የለየሁበት መንገድ

«ካልቀናማ መች ይወድሻል» ይባላል፤ እኔም ቅናትን አልጠላም። የበፊቱ ፍቅረኛዬ ቀናተኛ ነበር። አንድ ማታ ባልደረባዬ በመኪና ሲያደርሰኝ አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ማነው?» አለኝ፣ ነገርኩት፣ ትንሽ አኮረፈና «ቀንቼ ነው ባክሽ» ብሎ ሳቀ። በዚያው አለቀ፤ ከልጁ ጋር መምጣቴንም አልተውኩም።

ቀጥሎ የያዝኩት ልጅ ጥያቄ ግን አያልቅም። «ማታ ታክሲ ስትይዢ እንዳልጨነቅ» ብሎ በዋትስአፕ ላይቭ ሎኬሽን አስላከኝ። መተግበሪያው 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ያስመርጣል። ከ15 ደቂቃ ጀመርን፤ ብዙም ሳይቆይ 8 ሰዓት ሆነ፣ ሲያልቅም «አድሺው» ይለኛል። ቢሮ ነኝ ስለው ጠረጴዛዬን በቪዲዮ አሳዪኝ ይላል። ቀናተኛ ሰው መልስ ሲያገኝ ይረጋጋል፤ እሱ ግን ማስረጃ በሰጠሁት ቁጥር ሌላ ይጨምራል።

ይበልጥ ያነቃኝ ጥያቄው ወንድ በሌለበትም መምጣቱ ነው። ለእናቴ የምልከው ብር፣ እህቴ ቤት ማደሬ፣ ሁሉም ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። በእናቴ ማን ይቀናል?

ለማረጋገጥ ትንሽ ነገር ላይ እምቢ አልኩ። «ቅዳሜ እህቴ ጋ ነኝ፣ ሎኬሽን አልልክም፣ ማታ እደውልልሃለሁ» አልኩት። «እሺ የኔ ቆንጆ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ኬክ ይዞ እህቴ በር ላይ ቆመ፤ እሷም «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» አለች። ማታ መኪና ውስጥ ግን ድምፁን እንኳ ሳያነሳ «ትዳር የሌላት ሴት ምን ትመክርሻለች? ሁለተኛ እንዳታድሪ» አለኝ። ቁጣ ብጠብቅ ኖሮ ያልፈኝ ነበር። ማየት ያለብኝ እምቢታዬ ቦታ ማግኘት አለማግኘቱን ነበር።

ይህን መሞከር የቻልኩት አብረን ስላልኖርንና እጁን አንስቶብኝ ወይም ዝቶብኝ ስለማያውቅ ነው። የመታ ወይም የዛተ ሰው አይሞከርም። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚብሰው ሴቷ ልትለይ ስትነሳ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ለሚታመን ሰው መናገርና የምትሄጂበትን ቤት ማዘጋጀት ይሻላል።

ለመለየት ስወስን ዋትስአፕ ላይ አካውንቴ የተከፈተባቸውን ሌሎች መሣሪያዎች የሚያሳየውን Linked devices ከፈትኩ፤ የማላውቀው ኮምፒውተር ተገናኝቶ አገኘሁ። ወዲያው አላስወጣሁትም፣ ያውቅብኛላ! እስከዚያው ከእህቴ ጋር የምመክረውን በአካል ብቻ አደረግኩ። በዕለቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን አስወጣሁ፣ የኢሜይሌን የይለፍ ቃል ቀየርኩ፣ ቀን ላይ ሰው በሞላበት ካፌ ነገርኩት። እህቴ ጎን ካለው ጠረጴዛ ነበረች። ከዚያ በኋላ የላካቸውን መልእክቶች አላጠፋሁም፤ ፖሊስ ጋ መሄድ ቢመጣ ብዬ ቀናቸው እንዲታይ አድርጌ ስክሪንሾት አንስቼ እህቴ ስልክ ላይ አስቀመጥኳቸው።