«እገኛለሁ፤ ግን 9፡45 ላይ እወጣለሁ»

ለስብሰባ ጥሪ በቅድመ ሁኔታ እሺ ማለት ነውር አይመስለኝም። ነውሩ ሁኔታውን ሰብሳቢው ሊጠቀምበት በማይችልበት ሰዓት መናገር ነው። ሰው ተሰብስቦ ውይይቱ ከተጀመረ በኋላ «ቶሎ መውጣት ነበረብኝ» ቢባል የአጀንዳውን ተራ ማን ሊቀይረው ይችላል?

ችግሩ የሚጀምረው ጥሪው ላይ «Yes» ከምንጫንበት ቅጽበት ነው። ሰብሳቢው የሚያየው «ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነው። ጉግል ካላንደር ላይ በርቀት ለሚገባ ሰው «Yes, joining virtually» የሚል ምርጫ አለ፤ ቀድሞ ለሚወጣ ግን ምንም የለም። ያን ማስታወሻው ላይ ራስ መጻፍ ይጠይቃል። በነባሩ የዴስክቶፕ አውትሉክ ላይ ደግሞ «Accept» ሲነካ «Edit the Response before Sending» የሚለውን መምረጥ ነው። «Do Not Send a Response» ከተመረጠ ስብሰባው የራስ ካላንደር ላይ ይሰፍራል እንጂ ሰብሳቢው የምላሽ ኢሜይል አይደርሰውም። ምላሹም የሚሄደው ለጠሪው ብቻ ስለሆነ፣ ጥሪውን የላከችው ጸሐፊዋ ከሆነች ለሰብሳቢው ለብቻው መንገር ያስፈልጋል።

ከመጻፍ በፊት ግን አጀንዳውን በደቂቃ ማስላት ይገባል። ከ8፡30 እስከ 10፡30 የተያዘ የቦርድ ስብሰባ እንውሰድ፦ ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ 10 ደቂቃ፣ ሪፖርት 40፣ በጀት 40፣ ልዩ ልዩ 30። በጀቱ የሚጀመረው 9፡20፣ የሚያልቀው 10፡00 ነው። 9፡45 ላይ የሚወጣ ሰው ውይይቱን ይካፈላል፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን የለም። ስብሰባው፣ እንደተለመደው፣ 15 ደቂቃ ዘግይቶ ከጀመረ ደግሞ ለበጀቱ የሚተርፈው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። በጀቱ ከሪፖርቱ ቢቀድም ግን በዚያው መዘግየት እንኳ 9፡35 ላይ ያልቃል። እንግዲህ ሰብሳቢውን መጠየቅ ያለብን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ይህን የተራ ለውጥ ነው፤ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጋሼ፣ ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ። ረቡዕ እገኛለሁ፤ ነገር ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ላይ መውጣት ግድ ይሆንብኛል። ቢፈቅዱልኝ የበጀቱ አጀንዳ ከሪፖርቱ በፊት ቢታይ ድምፄን ሰጥቼ እወጣለሁ። ካልተቻለ አስተያየቴን እስከ ማክሰኞ ማታ በጽሑፍ አደርስዎታለሁ።»

የመውጫው ምክንያት እዚህ ላይ አልተጻፈም። ሰብሳቢው የሚያስፈልገው ሰዓቱ፣ የሚነካው አጀንዳ እና ካልተቻለ የሚደረገው ነገር ነው። ምክንያት ሲበዛ መልእክቱ ይቅርታ ወደ መለመን ይሄዳል፤ ሰዓቱም መሐል ላይ ይጠፋል። «ትንሽ ቀደም ብዬ» የሚለው አባባልም አይረዳም፤ ለአንዱ አምስት ደቂቃ፣ ለሌላው አንድ ሰዓት ነውና።

ከፊሉን በርቀት ለሚካፈል ሰው ትልቁ ወጥመድ ሰዓት ነው። ካላንደሩ የስብሰባውን ሰዓት ለየአገሩ ራሱ ይቀይራል፤ በማስታወሻው በእጃችን የጻፍነውን ግን አይቀይርም። ዋሽንግተን ያለ አባል «ከ9 ሰዓት ጀምሮ እገባለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ አዲስ አበባ ያለው ከቀኑ 9 ብሎ ይረዳዋል፤ እሱ ግን የጠዋቱን 9፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 10 ወይም 11 ማለቱ ይሆናል። በዚያ ላይ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት በክረምታቸው ወራት 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ «በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት (15:00)» ብሎ መጻፍ ያዋጣል። በርቀት ጀምሮ ኋላ አዳራሽ የሚደርስ ሰው ደግሞ ከመግባቱ በፊት የስልኩን ማይክም ድምፅ ማጉያም ይዝጋ፤ አንዱ ብቻ ከቀረ ክፍሉ በማስተጋባት ይጮኻል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምልአተ ጉባኤ ነው። ሰባት አባላት ባሉት ቦርድ ደንቡ ከግማሽ በላይ ይገኝ ካለ አራት ሰው ያስፈልጋል። የተገኙት አራት ብቻ ሆነው አንዱ 9፡45 ሲወጣ ሦስት ይቀራሉ፤ 9፡50 ላይ የተላለፈው ውሳኔ ቆይቶ ክርክር ሊነሳበት ይችላል። በርቀት ያለ አባል ይቆጠር እንደሆነ፣ ድምፅስ ይሰጥ እንደሆነ የሚወስነው የማኅበሩ ደንብ ስለሆነ ከስብሰባው ቀን በፊት ገልጦ ማየት ነው።

ቃለ ጉባኤውም ተጽፎ ለፊርማ ሲመጣ ሙሉውን እንደተካፈሉ ሆኖ መፈረም አይገባም። ጸሐፊው ከስሙ ትይዩ «ከቀኑ 9፡45 ላይ ወጥተዋል፤ በተራ ቁጥር 3 እና 4 ውሳኔ ላይ አልነበሩም» ብሎ ያስፍር፤ ያ ካልሰፈረ ፊርማው ባልሰሙት ውሳኔ ላይ የተስማሙ ያስመስላል።