ለእናቴ ጎጆ ዳፕ የረጨሁበት ዓመት

በ2004 ዓ.ም. ምዕራብ ጎጃም ለእናቴ ጎጆ ሠራሁላት። ምሰሶው ቆመ፣ ማገሩ ታሰረ፣ ኅዳር ላይ የታጨደው ሰንበሌጥ ጥር ላይ ተከደነ። ውኃ እንዳይተኛበት ጣሪያውን አሾልነው። እስከዚህ ድረስ የሚቆጨኝ ነገር የለም።

የጎረቤት ቤት ከምድጃ በተነሣ ፍንጣሪ ተቃጥሎ ስለነበር እናቴ እንቅልፍ አጣች። አንድ የወረዳ ባለሙያ «የዳፕ ማዳበሪያ በውኃ አሟሙተህ ርጭበት፣ ሣሩ አይነድም» አለኝ። ሐሰት አልነበረም፤ የዳፕ ፎስፌት ሣሩ ሲግል ነበልባል የሚሆነውን ጋዝ ይቀንስና ያከስለዋል። አንድ ኪሎ በ10 ሊትር ውኃ እያሟሟሁ በጸረ ተባይ መርጫ ከላይ አራስሁት። ዝቃጩ የመርጫውን አፍ እየደፈነ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሲደርቅ አንድ ጭብጥ መዝዤ ክብሪት ለኮስሁበት፤ ጠቆረና ጠፋ። እናቴ እልል አለች።

በውኃ የሟሟ ነገር በውኃ እንደሚታጠብ ግን ያ ሰው አልነገረኝም፤ እኔም አላሰብሁትም። ሐምሌ ላይ ጠፈጠፉ የሚያርፍበት መሬት ቤቱን እንደ ቀለበት ዞሮ ጥቁር አረንጓዴ ሣር አበቀለ። ያ የኔ ዳፕ ነበር። መስከረም ላይ ከዚያው ጣሪያ ደግሜ መዝዤ ለኮስሁ፤ እንደ ችቦ ነደደ። ይባስ ብሎ፣ መጀመሪያም የራሰው የላይኛው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነበር። የምድጃ እሳት የሚነሣው ደግሞ ከታች ነው። ለአንድ ክረምት ሙሉ እናቴን የማይጠብቃት ጣሪያ ሥር «አትስጊ» እያልሁ አስተኛኋት፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። መንከር የሚፈልግ ሰው ነዶውን ከመክደኑ በፊት ነክሮ ያድርቅ፤ ያም ቢሆን ዝናብ የሚነካውን አይጠቅመውም።

በኋላ የጣሪያውን ውስጥ የጤፍ ጭድ ተቀላቅሎበት በሰነበተ ጭቃ መረግሁት፤ ምድጃውን ወደ ውጭ አወጣሁ። ጭቃው እሳትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ዋጋም አስከፈለኝ፦ የአባቴን ጣሪያ ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቀው የነበረው ጭስ ነበርና የእናቴ ክዳን ጭስ አጥቶ በሰባተኛው ዓመት ማፍሰስ ጀመረ። የአባቴ እየተጠገነ ከ12 ዓመት በላይ ቆይቷል።

«ሁሉንም በቆርቆሮ ቀይሩ» የሚሉትን አልስማማም። ቆርቆሮ የሚገባው እሳት ላለበት ቤት ነው፤ ማድ ቤቱን ቆርቆሮ አለበስሁት። ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ብረቱ ይሳሳል፣ 35 ከ28 የሳሳ ነው። እኔ በርካሽነቱ 35 ገዝቼ በነፋስ ሚስማሩ ላይ ተቀደደብኝ። እናቴ ግን የምትተኛው አሁንም ሣር ቤት ነው፤ ቀትር ላይ ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ሲዘንብም እንቅልፏን አይነሣትም። ዘንድሮ የላይኛውን ንብርብር በአዲስ ሰንበሌጥ እናለብሰዋለን፣ ዳፑ ግን ለበቆሎው ነው።