የጣርማበር ሂትማፕ፦ ራዲየሱን እንዴት መረጥኩት

ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና ባለው መንገድ ሾፌር ወዳጆቼ ያጋጠማቸውን ነገር ስመዘግብ ከርሜያለሁ። በጉም ውስጥ የተንሸራተተ መኪና፣ ከገደሉ የወረደ ድንጋይ፣ ፍሬን እምቢ ያለው አይሱዙ። 64 ሪፖርት ሲሞላልኝ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚበዛ ለማየት QGIS በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ሂትማፕ፣ ማለትም ነጥቦች የተጠጋጉበትን ቦታ በቀለም የሚያሳይ ካርታ፣ ሠራሁ።

መጀመሪያ የእያንዳንዱ ነጥብ ተጽዕኖ እስከ ምን ርቀት እንደሚደርስ የሚወስነው `Radius` የሚለው ቦታ ላይ 500 ጻፍኩ። ሜትር መስሎኝ ነበር። ነጥቦቼ ግን በኬክሮስና ኬንትሮስ፣ በEPSG:4326፣ ስለነበሩ የተቆጠረው በዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ እኛ አካባቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! በ`Reproject Layer` ወደ EPSG:32637 ስቀይረው ቁጥሩ ሜትር ሆነ።

ከዚያ ትክክለኛውን ቁጥር ፍለጋ ገባሁ። በ5000 ሜትር ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና አንድ ቀይ ደመና ሆነ። በ100 ሜትር ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ክብ ይዞ ቀረ። ያ ሂትማፕ አይደለም፣ ነጥቦቹን ቀለም መቀባት ነው።

መፍትሔው ከራሱ ከመረጃው መጣ። ገሚሱ ሪፖርት የስልክ ጂፒኤስ አለው። ገሚሱ ግን «ከዋሻው በታች፣ ሁለተኛው መታጠፊያ» እየተባለ የተነገረኝ ነው። ሁለቱም ያላቸውን 10 ሪፖርቶች ለይቼ በቃል የተነገረውን ቦታ ከጂፒኤሱ ጋር አነጻጸርኩ። አብዛኞቹ የሚራራቁት እስከ 300 ሜትር ነው። ስለዚህ ከ300 በታች ያለ ራዲየስ መረጃው የሌለውን ጥራት ያለው ያስመስለዋል።

ላይኛውን ገደብ የወሰነልኝ መንገዱ ነው። ቁልቁለቱ እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ ላይኛውና ታችኛው መንገድ ካርታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በመኪና ግን ብዙ ያስኬዳል። ጥግግቱን የሚያሰላው ከርነል የሚለካው በቀጥታ መስመር ስለሆነ በ800 ሜትር ሁለቱ መንገዶች ተዋሃዱና ትኩሱ ቦታ መሀል ገደሉ ላይ አረፈ። እዚያ መኪና አያልፍም። በ500 ተለያዩ፣ እኔም እዚያው ረጋሁ። ፒክሰሉን 50 ሜትር አደረግኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀለሙ በየካርታው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው እንደ አዲስ ስለሚዘረጋ የ400ው ቀይና የ600ው ቀይ አንድ አይደሉም። እኔ የማየው ቀለሙን ሳይሆን ቦታው ይዘልቃል ወይ የሚለውን ነው። ከ400 እስከ 600 ሳይጠፉ የቆዩ ሁለት ቦታዎች አገኘሁ።

አንደኛው ደብረ ሲና ከተማ መሀል ነበር። ነጥቦቹን ስከፍት 9ኙ አንድ አይነት ኮኦርዲኔት ይዘዋል። «ደብረ ሲና» ብቻ የተባሉትን ሁሉ ከተማው መሀል ያስቀመጥኳቸው እኔው ነኝ። ሳወጣቸው ትኩሱ ቦታ ጠፋ። ሁለተኛው፣ ከዋሻው በታች ያለው መታጠፊያ፣ አሁንም አለ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሪፖርት ከዋሻው ጀምሮ በመንገዱ ላይ ያለውን ርቀት ልሰጠው ነው። ጥግግቱን በቀጥታ መስመር ሳይሆን በመንገዱ ርዝመት ስቆጥር መታጠፊያው ይጸና እንደሆነ አያለሁ።