«3:10» የትኛው ነው?

ጎጃም ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ከተማ የውኃ አገልግሎት ኤሌክትሮ መካኒክ ሆኜ ከተቀጠርኩ አምስተኛ ወሬ ነበር። ከተማዋ የምትጠጣው ከሁለት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ሚያዝያ ላይ አንደኛው ጥገና ገብቶ ሁለተኛው ብቻውን ሲሠራ ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። ያን ቀን ማታ ፓምፑ ቆመ።

ባሕር ዳር ላለው ኢንጂነር በስልክ መልእክት ላክሁ። ቃል በቃል ይህን ነበር የጻፍኩት፦ «የታችኛው ጉድጓድ ፓምፕ 3:10 ላይ ቆሟል። ሲነሣ ትንሽ ይሠራና ይጠፋል። ሞተሩ ሳይቃጠል አይቀርም።»

እኔ 3:10 ያልኩት ከምሽቱ ነው። ሰፈሩ እራት በልቶ ገና አልተኛም። ኢንጂነሩ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያነበው የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ መዝገብ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። እዚያ 3:10 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 9:10 ነው። መዝገቡን ቢያይ፣ በዚያው ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ መብራት ሄዶ ተመልሷል። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩን መታው ብሎ ደመደመ። እኔም «ሳይቃጠል አይቀርም» ብዬ አግዤዋለሁ።

በማግስቱ ክሬንና አዲስ ሞተር ይዘው መጡ። 84 ሜትር ቧንቧ ሲወጣ ዋለ። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ቆመው ያያሉ። ሞተሩ ሲወጣ በሜገር ለካነው። ደህና ነው። ጠመዝማዛውም ደህና ነው። ይህን ልኬት እኮ ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ፣ ከላይ በኬብሉ ጫፍ መውሰድ ይቻል ነበር።

የፓምፑ ኦፕሬተር፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ያኔ ነው ጠጋ ብለው «ከመጥፋቱ በፊት መርፌው ወርዶ ነበር እኮ፤ ድምፁም ተለወጠ» ያሉት። ዘወትር 30 አምፔር የሚስበው ሞተር ወደ 18 ወርዶ ነበር። ኢንጂነሩ ቀና ብሎ አያቸው። ነገሩ እዚያው ገባው። የተጎዳ ወይም የተጨናነቀ ሞተር አምፔሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አምፔር ሲቀንስ ፓምፑ የሚገፋው ውኃ አጥቷል ማለት ነው። ሞተሩን ያጠፋው መከላከያ ሪሌ ሥራውን ነው የሠራው። በጋው መጨረሻ ላይ፣ ሁለተኛው ጉድጓድ የአንደኛውንም ድርሻ ተሸክሞ ያለ ዕረፍት ሲሳብ፣ ውኃው ፓምፑ ድረስ ወርዶ ነበር። ከምሽቱ 3:10 የቆመውም ከንጋት ጀምሮ ሲሳብ ውሎ ነው። ሰዓቱን አሟልቼ ብጽፈው ኖሮ ይህ ራሱ ፍንጭ ነበር።

ፓምፑን መልሰን አስገባን። ጌት ቫልቩን ጠበብ አድርገን ፍሰቱን በሰከንድ ከ8 ሊትር ወደ 5.5 አወረድን። የውኃውን ጥልቀት ስለካ ኢንጂነሩ «ከየት ጀምረህ ነው የምትለካው?» አለኝ። ከመሬት ነበር። የጉድጓዱ መዝገብ ደግሞ የሚቆጥረው ከብረት ቱቦው አፍ ነው፤ እሱ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ውኃው ፓምፑ ጋ ሊደርስ ሁለት ሜትር ሲቀረው 60 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አይደለም።

ከተማዋ ሁለት ቀን ውኃ አጥታለች። ያ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

በዓመቱ ግንቦት ላይ አንደኛው ጉድጓድ ቆመ። ስልኬን ከማንሣቴ በፊት መልቲሜትሬንና ክላምፕ ሜትሬን አነሣሁ። የላክሁት ይህ ነው፦

«ጉድጓድ ቁጥር 1፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው። ሞተር 15 ኪሎ ዋት፣ መግለጫው የተጻፈበትን ሳህን ፎቶ ልኬያለሁ። ዛሬ ከጠዋቱ 4:20 (በ24 ሰዓት 10:20) ኦቨርሎድ ሪሌው ጣለው፤ 35 አምፔር ላይ ተሞልቷል። 4:45 አስነሥቼ እየሠራ ለካሁ። ቮልት፦ በ1 እና 2 መካከል 384፣ በ2 እና 3 መካከል 371፣ በ1 እና 3 መካከል 370። አምፔር፦ መስመር 1 ላይ 29፣ መስመር 2 ላይ 36፣ መስመር 3 ላይ 27። አጥፍቼ፣ ሦስቱንም የሞተር ገመዶች በየተራ አንድ አንድ ቦታ አሻግሬ ደግሜ ለካሁ። 36ቱ መስመር 2 ላይ ቀረ። የውኃው ጥልቀት ከቱቦው አፍ 58 ሜትር።»

ሦስቱንም አብሮ ማሻገር ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ብቻ ካቀያየሩ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ከፍተኛው አምፔር ከሞተሩ ገመድ ጋር ከሄደ ችግሩ ከሞተሩ ወይም ከኬብሉ ነው። እዚያው መስመር ላይ ከቀረ ግን ከመብራቱ በኩል ነው።

ኢንጂነሩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደወለ። ምንም አልጠየቀኝም። «ሦስተኛዋ መስመር ናት የደከመችው። ሞተሩን እንዳትነካ። የመብራት ሰዎቹን ጥራና ትራንስፎርመሩ ሥር ያለውን ማያያዣ ያዩልህ» አለኝ።

መጡ። የሦስተኛዋ መስመር ማያያዣ ላልቶ፣ በሙቀት ጠቁሮ ነበር። ቀይረው አጠበቁት። ከቀኑ 9:30 ላይ ሦስቱም መስመሮች ከ29 እስከ 31 አምፔር ይስቡ ነበር። ጋሼ መዝገባቸውን ገልጠው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስጻፉኝ። ከ«9:30» አጠገብ ራሳቸው «ከቀኑ» ብለው ጨመሩበት።