2.98

ታኅሣሥ 2፣ ማታ

የሚድ ውጤት ዛሬ ተለጠፈ። ኢኮኖሜትሪክስ ከ30 19 አመጣሁ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት 22 ነበር። ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ወረድኩ። ታክሲ አጥቼ ሳይሆን ሰው ማናገር ስላልፈለግኩ ነው። ቤት ገብቼ ደብተሩን አወጣሁና ከመስከረም ጀምሮ ያለውን ሁሉ እንደገና አነበብኩት።

ነገሩ የተጀመረው በእንቁጣጣሽ ነው። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ሁሉም የዘንድሮ ሐሳቡን ሲያወራ እኔም «ዘንድሮ ውጤቴን አሻሽላለሁ» አልኩ። አምናም ብዬው ነበር፤ ካቻምናም። ባንክ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

«አሁን ስንት ነሽ?»

«2.74።»

«ስንት ልታደርጊው ነው?»

«እ… 3.2።»

ስልኳን አውጥታ መምታት ጀመረች። ባለፉት ሁለት ዓመታት 64 ክሬዲት አወር ወስጃለሁ። ዘንድሮ በሁለቱ ሴሚስተር 34 እጨምራለሁ። 64ን በ2.74 ስታባዛ 175.36 ነጥብ መጣ። ዘንድሮ ሁሉንም ኮርስ ኤ ባመጣ 136 ይጨመራል። ድምሩን ለ98 አካፈለችና ስክሪኑን አሳየችኝ፤ 3.18።

«ምን ብትሰቅዪ 3.2 አይገባም» አለች። እማዬ «ተያት ልጅቷን፣ በዓል ነው» አለቻት።

ተናደድኩ። ግን ያን ቀን ማታ ራሴ ሠራሁት። ለ3.0 ዘንድሮ ወደ 119 ነጥብ ያስፈልጋል። በአማካይ 3.5 ገደማ ማለት ነው፤ ቢ ፕላስ በቢ ፕላስ። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። ኢኮኖሜትሪክስ የሚሰጠው በአንደኛው ሴሚስተር ስለሆነ ለአንደኛው ሴሚስተር አማካይ 3.4፣ ለሁለተኛው 3.6 አደረግኩ።

ሁሉም ኮርስ እኩል እንዳልሆነም ያን ማታ ነው የገባኝ። ባለ 4 ክሬዲቱን ኢኮኖሜትሪክስ ከሲ ወደ ቢ ፕላስ ባነሳው 6 ነጥብ አገኛለሁ። አንዱን ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ከቢ ወደ ኤ ባወጣው 2 ብቻ። እኔ ደግሞ እስከዛሬ ስለፋ የኖርኩት በሚቀሉኝ ላይ ነው። ደስ ስለሚሉኝ።

ቀጥሎ ዓመቱን አራት ቦታ ከፈልኩት። መጀመሪያ ሦስት ሦስት ወር ብዬ ነበር፤ አልሆነም። የተማሪ ዓመት በወር አይሄድም። ስለዚህ አንደኛው ሩብ እስከ መጀመሪያው ሚድ፣ ሁለተኛው እስከ ጥር ፋይናል፣ ሦስተኛው እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር ሚድ፣ አራተኛው እስከ ሰኔ ሆነ። ለየሩቡ የሚታይ ምልክት አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው «ኢኮኖሜትሪክስ ሚድ ከ30 22» የሚል ነው። ግሬድ ብዬ ብጽፍ ኖሮ እስከ ጥር መጨረሻ የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር። ያኔ ደግሞ ሁሉም አልፏል።

ሳምንት ስቆጥር ሌላ ድንጋጤ መጣ። ሩብ ዓመት ሲባል 13 ሳምንት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ትምህርት የተጀመረው መስከረም 26 ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ 9 ሳምንት። የመጀመሪያው ሳምንት በአድ እና ድሮፕ ያልቃል፣ የመጨረሻው ሚድ ነው። የቀረኝ 7።

ለነዚያ 7 ሳምንታት መጀመሪያ የጻፍኩት «ኢኮኖሜትሪክስ በደንብ ማንበብ» የሚል ነበር። አሁን ሳየው ያስቀኛል። እሑድ ማታ «አንብቤያለሁ ወይስ አላነበብኩም?» ብዬ ስጠይቅ መልስ የለውም። ሃንዳውቱን ገልጬ አንድ ሰዓት ባፈጥበትም ንባብ ነው። ሰርዤው ይሄን ጻፍኩ፦ ማክሰኞ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ላይብረሪ፣ ከወርክሺቱ 8 ጥያቄ መልሱን ሳላይ መሥራት፤ ሐሙስ በቢሮ ሰዓታቸው የሳትኳቸውን ይዤ መምህራችን ጋ መሄድ። ይሄ ወይ ተሠርቷል ወይ አልተሠራም።

ሦስት ሳምንት ጥሩ ሄደ። ሐሙስ ሐሙስ መሄዱ መጀመሪያ አሳፍሮኝ ነበር። መምህሩ ግን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብዙም የላቸውም መሰለኝ፣ ወንበር ስበው ነው ያስረዱኝ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ጎረቤታችን አረፉ። ለቅሶ ቤት ነበርን፤ ማክሰኞም ሐሙስም አለፈ። የሚገባ ነው፣ ለእሱ አልጸጸትም። ጥፋቴ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ያለፈውን 8 ከአዲሱ 8 ጋር ደምሬ «16 እሠራለሁ» አልኩ። ማክሰኞ ላይብረሪ ገብቼ የወረቀቱን ውፍረት አየሁና ስልኬን ከፈትኩ። አንድም አልሠራሁም። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ የጻፍኩት አሁንም አለ፦ «ያመለጠ ሳምንት ዕዳ ሆኖ አይዞርም። ካቃተ 3 ጥያቄ።» ስድስተኛውና ሰባተኛው ሳምንት በዚህ ተረፉ። ከ7 ማክሰኞ 5ቱ ተሠሩ።

ዛሬ ወረቀቱ ሲመለስልኝ ያጣኋቸውን 11 ማርኮች አንድ በአንድ አየሁ። 5ቱ የሄዱት በሁለቱ ባዶ ሳምንታት ከተሰጠው ትምህርት ነው። ሄትሮስኬዳስቲሲቲ፤ እንኳን ልሠራው ለመጥራትም ምላስ ይፈትናል። 2ቱ የመደመር ስህተት ናቸው። 4ቱ ግን የሚያናድዱ ናቸው። የመጨረሻውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ጀምሬው ሰዓት አለቀብኝ። ለካ ማክሰኞ ማክሰኞ ስሠራ ሰዓት ይዤ አላውቅም። 8 ጥያቄ ሁለት ሰዓት፣ መሐል ላይ ሻይ። ፈተናው ሻይ የለውም።

እንግዲህ ሁለተኛው ሩብ። ፋይናል ጥር 20 አካባቢ ይጀምራል። ከአሁን 7 ሳምንት ነው። የገና ሳምንትና የጥምቀት ሳምንት ሲወጡ 5። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አጠናለሁ ብዬ ራሴን አልዋሽም።

ኩዊዝና አሳይንመንት ከ20 16 አለኝ። ከሚዱ ጋር ከ50 35። በእኛ ክፍል ቢ ፕላስ ከ75 ይጀምራል፣ ቢ ከ70። ስለዚህ ለቢ ፕላስ ከፋይናሉ 50 40 ይጠበቅብኛል፤ ለቢ 35። ሚዱን 63 በመቶ አምጥቼ ፋይናሉን 80 በመቶ እጠብቃለሁ ማለት ትንሽ የእንቁጣጣሽ ወሬ ይመስላል። ምልክቱን 35 አደረግኩት።

የማክሰኞው ሥራም ተቀየረ። 8 ጥያቄ ቀርቶ ከድሮ ፈተና 5 ጥያቄ በ60 ደቂቃ፤ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ። በቀረው አንድ ሰዓት የሳትኩትን አርማለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማክሰኞዎች ያመለጡኝ ምዕራፎች ናቸው። ሐሙስ እንደነበረው ነው።

ከቢ ፕላስ ወደ ቢ መውረዱ 4 ክሬዲት ላይ 2 ነጥብ ያስቀራል። ሌላው ሁሉ እንዳሰብኩት ቢሄድ ዓመቱ ስንት እንደሚዘጋ አሰላሁ፤ 2.98።

ለእህቴ በቴክስት ላኩላት። «3.0 አልነበር?» ብላ መለሰች። «ነበር» አልኳት። ትንሽ ቆይታ «የቀረችውን በየትኛው ኮርስ ትሞያታለሽ?» አለች። ማክሮ ባለ 3 ክሬዲት ነው፣ ሚዱ ከ30 26 መጥቷል። ቢ ፕላስ ያልኩትን ኤ ባወጣው 1.5 ነጥብ ይመለሳል። አሁንም ትንሽ ይጎድላል፤ እሱን የካቲት ላይ አየዋለሁ።

የማክሮውን ወርክሺት እሮብ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። የማክሰኞው በእስክሪብቶ ነው።