«+2» ሻንጣ መስሎኝ

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነበር። ሎስ አንጀለስ፣ ሳሎን ውስጥ ቆሜ ለወንድሜ ልጅ ክርስትና የምለብሰውን ነጭ ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሲድኒ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው።

«ጋሼ፣ የት ነህ? ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ እኮ!»

«ከየት ወጥቶ?»

«ከአውሮፕላኑ ነዋ! ካረፈ ሁለት ሰዓት ሆነው።»

«እኔ ቤቴ ነኝ፤ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነው። የምነሳው ዛሬ ማታ ነው።»

«ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ አላልከኝም?»

«ብያለሁ። ዛሬ ግን ሐሙስ ነው።»

«ዛሬማ ዓርብ ነው!»

እዚህ ላይ ስልኩን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ነገር ግን ታላቅ ወንድም ነኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አራስ ቤት ያለ ሰው እንቅልፍ ስለሚያጣ ቀን ቢምታታበት እንደማይገርም፣ ሄዶ ትንሽ ቢተኛ እንደሚሻለው አስረዳሁት። እሱ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ አበባ ይዞ፣ ከእያንዳንዱ ጋሪ ከሚገፋ መንገደኛ ፊት ላይ እኔን ሲፈልግ የቆየ ሰው ነው። ያ በረራ በየቀኑ ስለሚመጣ ሰሌዳው ላይ «አርፏል» የሚለውን በዓይኑ አይቷል። እኔ ምክሬን እያንቆረቆርኩ የሸሚዙ ኪስ በካውያ ጠቆረ።

ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ትኬቱን አነሳች። መነሻ፣ ሐሙስ 22:30። መድረሻ፣ 6:30። ከ6:30 አናት ላይ፣ ጉንዳን የረገጠችው በምታህል ፊደል፣ «+2» ይላል።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

ስለዚህች ምልክት እውነቱን ልናዘዝ። ትኬቱን ከገዛሁ ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ «+2» ማለት ሁለት ሻንጣ መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ብቻ ቢሆን ደህና፤ አወጅኩት። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደውዬ «ሁለት ሻንጣ ተፈቅዶልኛል፣ የምትልኩት ካለ አምጡ» አልኩ። አንዷ ጎረቤታችን ጀበና በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣች። ሌላው በሕይወቴ አይቼው ለማላውቅ ሰው የሚሰጥ የክረምት ጫማ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በስልክ አየር መንገዱን መረቀችው። አንድ ሌሊትማ እንቅልፍ አጥቼ፣ የመደመር ምልክቷ አለምክንያት አልገባችም፣ ምናልባት ከመጀመሪያዋ ሻንጣ በተጨማሪ ሁለት ማለት ይሆናል ብዬ ሦስተኛ ሻንጣ ልገዛ ወስኜ ነበር። ባለቤቴ ናት የከለከለችኝ።

«+2» ማለት ከተነሳህ በሁለተኛው ቀን ትደርሳለህ ማለት ነው። ሐሙስ ሲደመር ሁለት፣ ቅዳሜ። ትኬቱ የሚፈቅደው አንድ ሻንጣ ብቻ ስለነበር ለጀበናዋ ማረፊያ ከኪሴ ከፈልኩ።

15 ሰዓት የሚፈጅ በረራ ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሊደርስ የሚችለው በስንት ተአምር ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በመሃሉ ያለው 8 ሰዓት ብቻ ነው። «የሰዓት ልዩነት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። የሰዓት ልዩነት የሚለው ቃል ማሰብ የማይፈልግ ሰው ሁሉ የሚደበቅበት ጎሬ ነው።

ስሌቱን የሠራሁት አውሮፕላኑ ውስጥ፣ በእጅ መጥረጊያ ወረቀት ላይ ነው። ሐምሌ ውስጥ ሲድኒ ከሎስ አንጀለስ 17 ሰዓት ትቀድማለች። እኔ ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ስነሳ ወንድሜ ዘንድ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ ላይ 15 ሰዓት ስትቆጥሩ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትወድቃላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። በምትነሱበት ደቂቃ መድረሻችሁ ላይ ስንት ሰዓትና ምን ቀን እንደሆነ ማወቅ፣ የበረራውን ሰዓት እላዩ ላይ መጨመር። ለዚህ ነው አንድ ሙሉ ቤተሰብ የሳቀብኝ።

ዓርብ የት ገባች የሚለው ግን አላስተኛኝም። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር ለአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ይደርሰዋል። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው በየ15 ዲግሪው ሰዓቱን አንድ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ነጻ ስጦታ ይመስለዋል። ስጦታ አይደለም፤ ቀድሞ የወጣለት እቁብ ነው። ዳኛው፣ የቀን መለወጫ መስመር የሚሉት፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል፣ 180 ዲግሪ አካባቢ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እዚያ ስትደርስ አንድ ሙሉ ቀን በአንድ ጊዜ ይቀበልሃል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ደግሞ አንድ ቀን ቆጥሮ ይሰጠዋል። በእኔ ግምት መስመሩን ያለፍነው ከተነሳን ከ10 ሰዓት በኋላ፣ በሰፈሩ ሰዓት ዓርብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከመስመሩ ወዲያ ያው 9 ሰዓት ተኩል ሌሊት ነው፤ ግን የቅዳሜ። ዓርብ በእኔ ሕይወት ውስጥ የኖረችው በሰፈሩ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ብቻ፣ በጨለማ፣ እኔ አፌን ከፍቼ ስተኛ ነው። የዓርብን ጾም እንደዚያ አቅልሎ የፈጸመ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም።

የሚያበግነኝ ግን መሥሪያ ቤቴ ነው። ያችን ዓርብ ከዓመት ፈቃዴ ላይ ቀነሷት! አልኖርኩባትም ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ «ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዓርብ ነበረ» የሚል መልስ መጣ። የፓስፊኳን ደሴት አገር ሳሞአን ጠቀስኩላቸው። ሳሞአ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1892 ጀምሮ ከመስመሩ በአሜሪካ በኩል ነበረች። ንግዷ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ሆኖ እያለ እነሱ ሰኞ ሥራ ሲጀምሩ እሷ ገና እሑድ ላይ ስለምትሆን፣ በ2011 መጨረሻ ወዲያ ማዶ ተሻገረች። ሐሙስ ዲሴምበር 29 ማታ ተኝተው የተነሱት ቅዳሜ ዲሴምበር 31 ነው። የዘለሏት ቀን ዓርብ ናት፤ የእኔዋ ዓርብ! አገር ሲሆን ቀን መዝለል ይቻላል፣ እኔ ስሆን የፈቃድ ቅጽ አጉድያለሁ።

ክርስትናው እሑድ ንጋት ላይ ስለነበር ደረስኩ። የአራሷ እናት ገና እግሬ ከመግባቱ «አርባው የሚሞላው በእኛ ነው ወይስ በአሜሪካው ሰውዬ?» ብለው ጠየቁ። ስምንት ቀን ተቀመጥኩ፤ ስምንቱንም ቀን ቡና በቀረበ ቁጥር «ስንት ስኳር? ሲደመር ሁለት?» እየተባልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተነስቼ፣ 13 ሰዓት ተኩል በርሬ፣ ሎስ አንጀለስ ያረፍኩት በዚያው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ከተነሳሁበት ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድሜ ማለት ነው። ዓርቤን ወስደው ትርፍ እሑድ ሰጡኝ፤ ሥራ የማይገባበትን ቀን መርጠው።

መድረሴን ልንገረው ብዬ ደወልኩ። ሲድኒ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«ገባሁ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እንቅልፍ አጥተህ ነው» አለ ወንድሜ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ እኮ ገና አልተነሳህም። ሂድና ትንሽ ተኛ።»